ከ40 በመቶ ወደ 12 በመቶ፦ የአንዲት ሽያጭ ሠራተኛ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት

የጉዳዩ መነሻ

ለሽያጭ ሥራ የሚቀርቡ አመልካቾች በብዛት የሚሰናከሉት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ውጤታቸውን በቁጥር ማስረዳት ሲኖርባቸው ነው። ሁለተኛው ጠያቂው ከጠረጴዛው ላይ አንድ ዕቃ አንስቶ «ይህን ሽጪልኝ» ሲል ነው። ይህ ጉዳይ ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ ስለሚያሳይ ተመዝግቧል። የሰዎቹም ሆነ የድርጅቶቹ ስም አልተጠቀሰም፤ የቀድሞ አሠሪዋን ለመለየት እንዳያመቹም ቁጥሮቹ ወደ ሙሉ ቁጥር ተጠግተዋል።

አመልካቿ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ደሴ ውስጥ ፓስታና ማካሮኒ ለሱቆች በሚያከፋፍል ድርጅት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ሠርታለች። ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ትእዛዝ ትቀበላለች፣ ዕቃው ሲደርስ ታስረክባለች፣ ዱቤ ትሰበስባለች። መስመሯ ፒያሳን፣ ሰኞ ገበያን፣ ቧንቧ ውሃንና ሮቢትን ይሸፍን ነበር። ያመለከተችበት ቦታ ደግሞ ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የሳሙና አምራች ያወጣው የሽያጭ ተወካይነት ነው።

ችግሩ

ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ ድርጅት ዘንድ ተፈትና ወድቃለች። «እስካሁን ምን ውጤት አስመዝግበሻል?» ሲሏት «ሽያጩን በጣም ነው ያሳደግሁት፤ ደንበኞቼም ይወዱኛል» አለች። «ስንት ነበር፣ ስንት አደረስሽው?» የሚለው ተከታይ ጥያቄ ሲመጣ መልስ አልነበራትም። ውጤቱ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ቁጥሩ በየቀኑ በእጇ ሲያልፍ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ደምራው ስለማታውቅ ነው።

ቀጥሎ አንዱ ጠያቂ እስክሪብቶውን ሰጥቷት እንድትሸጥለት ጠየቃት። «ጥሩ እስክሪብቶ ነው፣ ቀለሙ አይደርቅም፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው» አለች። «እስክሪብቶ አለኝ» ሲላት «ይኼኛው ግን ይሻላል» ብላ እዚያው ቆመች። ጠያቂው ሊያይ የፈለገው የእስክሪብቶውን ጥራት አልነበረም። ገዢው ምን እንደሚያስፈልገው ሳታጣራ ማውራት ትጀምር እንደሆነ፣ «አለኝ» ስትባል ምን እንደምታደርግ፣ መጨረሻ ላይም ትእዛዙን በአፏ ትጠይቅ እንደሆነ ነው የሚመዘነው። ሦስቱንም አላደረገችም።

የኮምቦልቻው ጥሪ ሲመጣ ለዝግጅት አሥር ቀን ነበራት። ለረጅም ጊዜ የሽያጭ ሱፐርቫይዘር ሆነው የሠሩት አጎቷ ሊረዷት ተስማሙ።

ቁጥሩን ከየት ማግኘት ይቻላል

መጀመሪያ ያሰበችው የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ማቅረብ ነበር። ደብዳቤው ግን ለዚህ አይረዳም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን ነው የሚገልጸው። ስንት ካርቶን ሸጠች የሚለው አይጻፍበትም። እንዲጻፍላት ብትጠይቅም አሠሪው አይገደድም።

የባንክና የቴሌብር መልእክቶቿም ብዙ አልጠቀሙም። ገንዘብ መግባቱን ያሳያሉ እንጂ ገንዘቡ የዛሬ ሽያጭ ይሁን የባለፈው ወር ዱቤ አይለዩም። የደረሰኝ ቅጂዎቹ ደግሞ የድርጅቱ ንብረት ናቸው።

ያዋጣት የቀን ሪፖርቷ ነው። ሠራተኞቹ ማታ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው አጭር ሪፖርት ይልካሉ፦ የተጎበኘ ሱቅ፣ ያዘዘ ሱቅ፣ ካርቶን፣ ጥሬ ብር፣ ዱቤ። ሁሉንም በስሟ ፈልጋ ካገኘች በኋላ በቀን በቀን ወደ ደብተር ገለበጠችው። ከራሷ የዱቤ ደብተር ጋር ስታመሳክረው ሪፖርት ያልላከችባቸው አራት ቀናት ተገኙ። አጎቷ «እነዚህን በግምት አትሙያቸው» አሏት። ባዶ ሆነው ቀሩ፤ በድምሩ ግርጌም «አራት ቀን አልተካተተም» ተብሎ ተጻፈ። በግምት የተሞላ ቁጥር አንድ ቦታ ሲነካ ሌላውንም ይዞ ይወድቃል። የጎደለ መሆኑ የተነገረ ቁጥር ግን ማንንም አያስከፋም።

ወደ ፈተናው የሚሄደው ድምሩ ብቻ እንዲሆንም ተስማሙ። የሱቆች ስም፣ የግሩፑ ስክሪን ሾት፣ የአሠሪው የዋጋ ዝርዝር አይታዩም። ዛሬ የአሠሪዋን መረጃ አውጥታ የምታሳይ ሠራተኛ ነገ የእነሱንም ይዛ እንደምትሄድ ለመገመት ጠያቂዎች ጊዜ አይፈጅባቸውም።

የትኛው ወር ከየትኛው ጋር ይወዳደር

አመልካቿ መጀመሪያ ያነጻጸረችው ሥራ የጀመረችበትን ወር በጣም ከሸጠችበት ወር ጋር ነው። ሽያጩ ሦስት እጥፍ የጨመረ ይመስል ነበር። ያ የተሻለው ወር ግን ረመዳን የዋለበት ነው። ወሎ ውስጥ ፓስታ የሚያከፋፍል ሁሉ በረመዳን ዋዜማ ሱቆች እንዴት እንደሚያከማቹ ያውቃል፤ ጠያቂዎቹም የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ የአንዱን ዓመት መጋቢት ከሌላው ዓመት መጋቢት ጋር ማነጻጸርም ያሳስታል። ዐቢይ ጾምም ቀኑ ይለዋወጣል።

ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት ሦስት ወራት ተመረጡ። በሁለቱም ዓመታት ረመዳን አልገባባቸውም። ጾመ ነቢያት ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር 15 ገደማ ስለሚገባ ሁለቱንም ዓመት እኩል ይነካቸዋል። የተገኘው እንዲህ ነው።

| ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ | 1ኛ ዓመት | 2ኛ ዓመት |
|---|---|---|
| ሽያጭ በብር | 1,200,000 | 1,680,000 |
| የአንድ ካርቶን አማካይ ዋጋ | 800 | 1,000 |
| ካርቶን | 1,500 | 1,680 |
| በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚያዙ ሱቆች | 42 | 63 |

40 በመቶው ሲመረመር

በብር ሲታይ እድገቱ 40 በመቶ ነው። አመልካቿ ይህን ቁጥር ስታገኝ ዝግጅቱ ያለቀ መሰላት። አጎቷ ግን አንድ ጥያቄ አነሱ፦ «ዋጋው ስንት ጨመረ?» በ25 በመቶ ጨምሯል። ይህን ደግሞ ያደረገው ፋብሪካው እንጂ እሷ አይደለችም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 40 ላይ 25 ቀንሶ 15 በመቶ ይላል። ትክክለኛው ማካፈል ነው፦ 1.40 ለ1.25 ሲካፈል 1.12 ይሆናል። በካርቶን የታየው እድገት 12 በመቶ ነው ማለት ነው። ማረጋገጫው ከሰንጠረዡ ውስጥ ይገኛል፤ 1,680 ለ1,500 ሲካፈልም 1.12 ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቁጥር ካልሰጡ የሆነ ቦታ የተሳሳተ ዋጋ ወይም የተዘለለ ወር አለ።

የዕቃ ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት ገበያ በብር የተነገረ እድገት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ምንም ያልሠራ ሠራተኛም በብር ያድጋል። በካርቶን፣ በኪሎ ወይም በደርዘን የተነገረ ቁጥር ግን ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ አይናወጥም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር የበለጠ ከባድ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 42 ሱቆች በወር 500 ካርቶን ይወስዱ ነበር፤ በሱቅ ወደ 12 ካርቶን ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት 63 ሱቆች የወሰዱት በወር 560 ነው፤ በሱቅ ወደ 9 ካርቶን ብቻ። የእያንዳንዱ ሱቅ ድርሻ ቀንሷል። ነባሮቹና አዲሶቹ ተለይተው ሲቆጠሩ 21ዱ አዳዲስ ሱቆች በወር 105 ካርቶን፣ 42ቱ ነባሮች ደግሞ 455 ካርቶን ይወስዳሉ። ነባሮቹ ከ500 ወደ 455 ወርደዋል፤ 9 በመቶ ቅናሽ ነው።

አመልካቿ ይህን መደበቅ ፈለገች። ምክሩ ግን ተቃራኒው ሆነ። ሰንጠረዡ ላይ 42፣ 63፣ 1,500 እና 1,680 ተጽፈው እያለ ጠያቂው ራሱ ስሌቱን ለመሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። እሱ ካገኘው ጥፋት ይሆናል፤ እሷ ካነሳችው ገበያዋን ማወቋን ያሳያል። ምክንያቱም አላት፦ ዋጋው ሲጨምር ነባሮቹ ሱቆች መደርደሪያቸውን ለሁለት ከፍለው ርካሽ የሆነ ሌላ ፓስታ ማስገባት ጀምረዋል።

የራስን ድርሻ መለየት

ከ21ዱ አዳዲስ ሱቆች ሁሉንም እሷ አልከፈተቻቸውም። ሰባቱ ሥራ የለቀቀ ባልደረባዋ መስመር ሲከፋፈል የደረሷት ናቸው። ራሷ ሄዳ አሳምና የጀመረቻቸው 14 ናቸው፤ በወርም 70 ካርቶን ያህል ይወስዳሉ። በወረቀቷ ላይ የሰፈረው «21 ሱቅ ጨመርኩ» ሳይሆን «14 ሱቅ ከፈትኩ፣ 7 ተረከብኩ» የሚለው ነው።

ዋጋ የማያዛባው ሌላ ውጤትም ነበራት። የዱቤው ገደብ 15 ቀን ሆኖ ሳለ ጊዜው ያለፈበት ዱቤ መጀመሪያ 96,000 ብር ደርሶ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ወደ 31,000 ወረደ። ምን አድርጋ? ሰኞ ገበያ አካባቢ ላሉ ሱቆች የመሰብሰቢያውን ቀን ከዓርብ ወደ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዛወረችው። ገበያተኛው ሸጦ ገዝቶ ሲመለስ ሱቁ ጥሬ ገንዘብ በእጁ አለ። ዓርብ የተያዘው ግን ለሰኞ ዕቃ ማስገቢያ ስለሚፈለግ «ሳምንት ነይ» ነው መልሱ። ይህ ዓይነቱ ዝርዝር ከቁጥሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ቁጥሩን ማንም ሊፈጥረው ይችላል። ቀኑን ለምን እንደቀየረች መናገር የሚችለው ግን ሥራውን የሠራው ሰው ነው።

በመጨረሻ የቀረው አንድ ገጽ ነው። እያንዳንዱ ውጤት በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እንዲነገር ተለማመደች፦ ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ሆነ፣ ከዚያ ውስጥ የእኔ ድርሻ የቱ ነው። ከአንድ ደቂቃ ያለፈ መልስ እንዲያጥር ተደረገ።

«ይህን ሽጪልኝ» የሚለው ልምምድ

እስክሪብቶ ላይ ብቻ መለማመድ ጉዳት አለው። አመልካቹ የተሸመደደ ንግግር ይዞ ይገባና ዕቃው ሲቀየር ይጠፋበታል። አጎቷ ስለዚህ በየምሽቱ ሌላ ሌላ ዕቃ አቀበሏት፤ አንድ ቀን ጃንጥላ፣ ሌላ ቀን ቴርሞስ፣ ሌላ ቀን ጓጉንቸር ቁልፍ። የማይለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን አንስቶ ማየት ይመጣል፤ አምስት ሰከንድ ያህል። ብዙዎች ዕቃውን ሳያዩ ማውራት ይጀምራሉ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይከተላል። ለምን ሥራ ይፈለጋል? አሁን ያ ሥራ በምን ይከናወናል? ያ አሠራር ችግር የሚያመጣው የት ላይ ነው? ከሦስቱ ዋናው የመጨረሻው ነው፤ ገዢው ችግሩን በራሱ አፍ ከተናገረው በኋላ ሻጩ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ከዕቃው ባሕርያት አንዱን ብቻ መርጦ ገዢው ከተናገረው ችግር ጋር ማያያዝ ነው። አምስት ባሕርይ መደርደር ከገዢው መልስ አንዱም እንዳልተሰማ ያሳያል። የሌለውን ባሕርይ መፍጠርም አይገባም። ቴርሞሱን ስትሸጥ «አይሰበርም» ያለች ዕለት አጎቷ ከፍ አድርገው ይዘው «ልልቀቀው?» አሏት፤ ከዚያ በኋላ አልደገመችውም።

ዋጋው ሳይጠየቅ ይነገራል። ተቃውሞ ሲመጣ ዋጋው ወዲያው አይቀነስም፤ ተቃውሞው ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። በመጨረሻ ትእዛዙ በግልጽ ይጠየቃል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። ለእሷ ከሁሉም የከበዳት ዝምታው ነበር። ጠይቃ ሳትጨርስ ራሷ «ካልሆነም ችግር የለም» እያለች ለገዢው መውጫ ትሰጠው ነበር። ለትሕትና ብላ ነው የምታደርገው፤ እንደ ሰው ሲታይ ያስመሰግናል፣ ለሻጭ ግን ትእዛዙን ያሳጣል።

የፈተናው ቀን

በክረምት ጠዋት ሐረጎ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሚኒባሶች ቀስ ብለው ስለሚሄዱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ከወትሮው በላይ ይፈጃል። ቀጠሮዋ 3 ሰዓት ነበር፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ተነሳች። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው፦ የሽያጭ ኃላፊው፣ የፋይናንስ ባለሙያዋና የሰው ሀብት ባለሙያው።

ስለ ውጤቷ ስትጠየቅ የጀመረችው ከ12 በመቶው ነው፤ 40ውን ያነሳችው ለምን እንደማትጠቀምበት ለማስረዳት ብቻ ነው። የፋይናንሷ ባለሙያ ሰንጠረዡን እያየች «በሱቅ የሚወሰደው ቀንሷል ማለት ነው?» አለቻት። «አዎ፣ ነባሮቹ 9 በመቶ ቀንሰዋል» ብላ ምክንያቱን ተናገረች። ከዚያ የሽያጭ ኃላፊው ያልተዘጋጀችበትን ጠየቁ፦ «አንቺ ከከፈትሻቸው 14 ሱቆች ዛሬ ስንቱ እየገዙ ነው?» ይህን አልቆጠረችውም። «በቃሌ አላውቀውም፤ ከታኅሣሥ በኋላ ያለውን አልደመርኩም» አለች። መልሱ ሐቀኛ ነው፤ ክፍተቱ ግን ክፍተት ነው። አዲስ ሱቅ ከፍቻለሁ የሚል ሰው ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ እንደቀጠሉ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ትንሽ ቆይተው ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስቴፕለር ገፋ አደረጉላት።

«ይኼን ሽጪልኝ።»

አንስታ ገለበጠችው። ከሥሩ 24/6 የሚል ቁጥር ታትሞበታል። ይህ የሚወስደውን ሽቦ መጠን ያመለክታል፤ በየሱቁ ከሚገኘው ትንሹ 10 ቁጥር ስቴፕለር የሚተልቅ ነው።

«ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ ቢሮ በብዛት የሚያያዘው ምንድን ነው?»

«የሽያጭ ደረሰኝና የዕቃ ማስረከቢያ።»

«አንዱ ስብስብ ስንት ገጽ ይሆናል?»

«አራት አምስት። ወር መጨረሻ ላይ እስከ ሃያ ይደርሳል።»

«አሁን በምን ነው የምታያይዙት?»

«ስቴፕለር አለና!»

በፊተኛው ፈተና የጠፋችው እዚህ ላይ ነው። አሁን ግን «ስንት ጠረጴዛ ይጠቀምበታል?» አለች። «አራት» አሏት። «አንዱ ሲይዘው ሌላው ምን ያደርጋል?» ብላ ጨመረች። ኃላፊው «መርማሪ ነሽ እንዴ?» አሉ። የፋይናንሷ ባለሙያ ግን ሳቅ ብላ «በአግራፍ ነው የሚይዙት፤ እኔ ጋ ሲደርስ ማስረከቢያው ተለይቶ ጠፍቷል» አለች። ገዢው ወገን ችግሩን ራሱ ተናገረ።

«እንግዲያው ሃያ ገጹን በትንሹ ስቴፕለር ማያያዝ ያስቸግራል። ይኼ ትልቁን ሽቦ ስለሚወስድ ሃያ ገጽ ይይዛል፤ ማስረከቢያው ከደረሰኙ ሳይለይ ፋይናንስ ይደርሳል። ዋጋው 450 ብር ነው።»

«ገበያ ላይ 300 ነው።»

«300 የሚሸጠው ትንሹ ይሆናል። ይኼንኑ 24/6 በ300 አይተውት ከሆነ ከዚያ ይግዙ። ትንሹ ከሆነ ግን ለወር መጨረሻው አይሆንዎትም። ይወስዱታል?»

«ላስብበት።»

«እሺ። የሚያሳስብዎት ዋጋው ነው ወይስ ሌላ ነገር?»

«ዋጋው ነው።»

«ለአራቱም ጠረጴዛ አይግዙ እንግዲህ። የወር መጨረሻው ሰነድ ለሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ብቻ አንድ ይውሰዱ። ዛሬ ላስቀምጥልዎት?»

ከዚህ በኋላ ዝም አለች። ኃላፊው ስቴፕለሩን ወደ ፋይናንሷ ባለሙያ ገፍተው «ለእሷ አስቀምጪላት» አሉ።

ያዋጣውና ያላዋጣው

ተቀጥራለች፤ አዋጁ በሚፈቅደው ከፍተኛ ገደብ፣ በ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ። ያስቀጠራት የትኛው መልስ እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሌሎቹ አመልካቾች ምን እንዳሉ አይታወቅምና። የሚታየው ግን ቁጥሩን ሊያፈርሱ የሚችሉት ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለትም ዋጋውና የሱቅ ድርሻው፣ መልሳቸው አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑ ነው።

ያላዋጣውም ግልጽ ነው። የ14ቱ ሱቆች ቀጣይነት አልተቆጠረም። ስቴፕለሩ ላይ አምስት ጥያቄ ጠየቀች፤ ሦስቱ ይበቁ ነበር። የገጹን ብዛትና የጠረጴዛውን ብዛት በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠየቅ ትችል ነበር። የፋይናንሷ ባለሙያ ጣልቃ ባትገባ «መርማሪ ነሽ እንዴ?» ከሚለው መውጣቱ ይከብዳት ነበር። «ይወስዱታል?» የሚለውም ደካማ መዝጊያ ነው። አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ «ላስብበት»ን ራሱ ይጠራል። ሁለተኛው፣ «ለአንዱ ጠረጴዛ ዛሬ ላስቀምጥልዎት?» የሚለው፣ ብዛቱንና ቀኑን ስለያዘ ሠራ።

ዋጋ ላይ ግን በትክክል ሄዳለች። 300 ሲሏት 400 ብትል ኖሮ ጠያቂው የሚያየው ስቴፕለር አይሆንም ነበር፤ ነገ ሱቅ ውስጥ የድርጅቱን ትርፍ በመጀመሪያው ተቃውሞ የምትለቅ ሠራተኛን ነው።

ወደ ሌላ አመልካች የሚሻገረው

ሌላ ዕቃ ለሚሸጡም አሠራሩ ብዙ አይለወጥም። በብር የተገኘውን እድገት በዋጋ እድገቱ ማካፈል፣ ከዚያ ነባር ደንበኛንና አዲስ ደንበኛን ለይቶ መቁጠር። ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ የማይፈለግ ነገር ያወጣል፤ ያንን ከነምክንያቱ ይዞ መግባት ይሻላል። አገልግሎት የሚሸጥ ሰው ካርቶን ስለሌለው የደንበኛውን ወይም የውሉን ብዛት ይጠቀማል። ሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ አንድ ውድ ስልክና አንድ ርካሽ ስልክ በቁጥር እኩል ስለሆኑ በዓይነት ከፋፍሎ ማቅረብ ይኖርበታል።

ያደገ ሽያጭ የሌለው አመልካችም አለ። ገበያው በወደቀበት ወቅት የሠራ ሰው ሽያጩ ቢቀንስ አያስገርምም። እንዲህ ያለው የሚያነጻጽረው ከባልደረቦቹ ጋር ነው፤ የመስመሮቹ ሁሉ ሽያጭ 20 በመቶ ወርዶ የእሱ 8 ከወረደ ይህ ውጤት ነው። ለዚህ ግን የሌሎቹን ቁጥር በሕጋዊ መንገድ፣ ለምሳሌ በስብሰባ ላይ ለሁሉም ከተነገረ ሪፖርት፣ ያወቀው መሆን አለበት።

ምንም መዝገብ ያልያዘ፣ ለምሳሌ በቤተሰብ ሱቅ ወይም በባንኮኒ ላይ የሠራ ሰው፣ ወደ ኋላ ሄዶ ቁጥር ከመፍጠር ይልቅ ዛሬ መቁጠር ቢጀምር ይሻለዋል። ሁለት ሳምንት ይበቃል። በቀን ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ገዛ፣ በአማካይ በስንት ብር፣ ስንቱስ ሌላ ዕቃ ጨምሮ ወሰደ፤ በደብተር ላይ በጭረት ይያዛል። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል፤ ሳሙና ለገዛ ሁሉ በረኪና እንደመጠየቅ ያለ። የሳምንቱ ልዩነት ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የገበያ ቀን ወይም በዓል ከገባበትም መጠቀስ አለበት። ጠያቂው «ሁለት ሳምንት ብቻ?» ካለ፣ መልሱ አዎ ነው፤ የተቆጠረባቸው ቀናትም በደብተሩ ላይ ተጽፈዋል።